ስልኩ ካርድ ሲያነብ፦ ያልታመነ መሣሪያ የታመነ ክፍያ እንዴት ይቀበላል?



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። የባንክ ካርድ የሚቀበለው ፖስ ማሽን ለረጅም ዘመን የታሸገ፣ ለዚህ ተግባር ብቻ የተሠራና በጥብቅ የተመረመረ ዕቃ ነበር። አንድ ሰው ከፍቶ ውስጡን ሊነካካ ቢሞክር በውስጡ የያዛቸውን ምስጢራዊ ቁልፎች ራሱ እንዲያጠፋ ተደርጎ ይሠራል። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች አነስተኛው ነጋዴ ከኪሱ ያወጣውን ተራ ስልክ ወደ ደንበኛው ያቀርባል፤ ደንበኛውም ካርዱን ስልኩ ላይ ጠጋ ያደርጋል፤ ክፍያውም ይፈጸማል። በመካከላቸው ከአንድ መተግበሪያ በቀር የተጨመረ ነገር የለም። ያው ስልክ ግን ማታ ማታ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ከየትም የመጣ መተግበሪያ የሚጫንበት ስልክ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ በሰው ገንዘብና በባንክ መካከል እንዲቆም የተፈቀደለት በምን ዋስትና ነው?

ይህን ርዕስ በክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡኝ መልስ «መረጃው ስለሚመሰጠር» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጉዳዩን አይፈታውም። መረጃውን የሚመሰጥረው ራሱ ስልኩ ከሆነና ስልኩ ካልታመነ፣ ምስጠራው ብቻውን ምን ይፈይዳል? እኔ የምሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ዋናው ምስጢር በስልኩ ውስጥ የለም፤ ያለው በካርዱ ውስጥ ነው፤ ከካርዱም አይወጣም። ሁለተኛ፣ በስልኩ ላይ ያለው አደራ ከታሸገ ሣጥን ወጥቶ ወደ ማያቋርጥ ክትትል ተዛውሯል። እነዚህን ሁለቱን አንድ በአንድ ካየን በኋላ፣ ነጋዴው ራሱ ሊያውቀው የሚገባውን ሦስተኛ ነገር እንጨምራለን።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። ምሳሌውን የምወስደው ወደ አሜሪካ ነው፤ አሠራሩ በዚያ የተለመደ ከመሆኑም በላይ በንግድ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን ስላሉበት ነው። በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ዘርግታ የተቆላ ቡና የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። አንድ ደንበኛ የ18 ዶላር ቡና ይገዛል። እርሷም በስልኳ መተግበሪያ ላይ 18 ብላ ትጽፍና ስልኩን ወደ እርሱ ታቀርባለች።

በዚህ ጊዜ በስልኩ ጀርባ ወይም አናት ላይ የተደበቀች ትንሽ የሽቦ ጥቅል፣ ማለትም የኤንኤፍሲ አንቴና፣ በሰከንድ 13.56 ሚሊዮን ጊዜ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ትፈጥራለች። ካርዱ ባትሪ የለውም። በፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረ የራሱ የሽቦ ጥቅል ግን አለው። ካርዱ ወደ መስኩ ሲገባ በጥቅሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ በዚያም ኃይል ቺፑ ይነቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ካርዱና ስልኩ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀራረቡ ነው፤ ራቅ ካለ ቺፑ ኃይል አጥቶ መልሶ ይተኛል። እንግዲህ ስልኩ ለካርዱ ጠያቂ ብቻ ሳይሆን ኃይል መጋቢም ነው።

ቺፑ እንደነቃ አጭር ውይይት ይጀመራል። ስልኩ በመጀመሪያ `2PAY.SYS.DDF01` የሚል ስም ይጠራል። ይህ ስም በመላው ዓለም አንድ ነው፤ ትርጉሙም «ያለ ንክኪ ለመክፈል የምትችልባቸውን መንገዶች ዘርዝርልኝ» እንደማለት ነው። ካርዱ ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ `A0000000031010` ብሎ ቢመልስ ቪዛ መሆኑ ይታወቃል። ስልኩ አንዱን ይመርጣል። ቀጥሎ ካርዱ በተራው ይጠይቃል፦ መጠኑ ስንት ነው? ገንዘቡ የየት አገር ነው? ቀኑ ምንድን ነው? ከእነዚህም ጋር አንድ ሊገመት የማይችል ቁጥር እንዲሰጠው ይፈልጋል። ስልኩ 18 ዶላሩን፣ ቀኑንና ለዚህ ግብይት ብቻ ያወጣውን ያን ቁጥር ይሰጠዋል።

የጉዳዩ ሁሉ እንብርት እዚህ ላይ ነው። በቺፑ ውስጥ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። ይህን ቁልፍ የሚያውቁት ካርዱና ካርዱን የሰጠው ባንክ ብቻ ናቸው፤ ነጋዴዋም ሆነች ስልኳ፣ መተግበሪያውን የሠራውም ድርጅት አያውቁትም። ቺፑ መጠኑን፣ ያን ሊገመት የማይችል ቁጥርና በየግብይቱ በአንድ የሚጨምር የራሱን ቆጣሪ አንድ ላይ ያደርጋል፤ በቁልፉ ያሰላና አንድ አጭር ውጤት ያወጣል። በሙያው ቋንቋ ክሪፕቶግራም ይባላል፤ እኔ ዛሬ ማኅተም እለዋለሁ። ቁልፉ ከቺፑ አይወጣም፤ የሚወጣው ማኅተሙ ነው። ይህ ውይይት ከግማሽ ሰከንድ ብዙም አያልፍም።

ስልኩ ማኅተሙንና የካርዱን ቁጥር መስጥሮ በኢንተርኔት ወደ ክፍያ አቀባባዩ ድርጅት ይልካል። ከዚያ ወደ ካርድ መረቡ፣ ከመረቡም ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይደርሳል። ባንኩ በእጁ ባለው ቁልፍ ያንኑ ስሌት ይደግማል። ውጤቱ ከመጣው ማኅተም ጋር ከገጠመ፣ እውነተኛው ካርድ በእውነት በዚያ እንደነበረና መጠኑም 18 ዶላር እንደሆነ ያውቃል። ቆጣሪውንና የደንበኛውን ሂሳብ ተመልክቶ ያጸድቃል ወይም ይከለክላል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

አሁን አንድ ሌባ በስልኩ ውስጥ ተደብቆ ይህን ሁሉ ቢቀዳ ምን ያገኛል ብለን እንጠይቅ። ማኅተሙን ያገኛል፤ ነገር ግን ማኅተሙ ለ18 ዶላር፣ ለዚያች ቅጽበትና ለዚያ የቆጣሪ ቁጥር ብቻ የተሠራ ነው። ነገ ይዞት ቢመጣ ባንኩ አይቀበለውም። ቁልፉን ስላላገኘም አዲስ ማኅተም መሥራት አይችልም። የመልሳችን አንደኛው ክፍል ይኸው ነው፤ ተራ ስልክ ካርድ ማንበቡ የሚታሰበው ካርዱ ምስጢሩን ለማንም የማይሰጥ ስለሆነ ነው። በጥንቱ የመግነጢስ ጭረት ካርድ ዘመን ቢሆን፣ አንድ ጊዜ የተነበበ ጭረት ለዘላለም የሚገለበጥ ስለሆነ ነገሩ አደገኛ ይሆን ነበር።

ታዲያ ካርዱ ይህን ያህል ራሱን የሚጠብቅ ከሆነ ስለ ስልኩ ለምን እንጨነቃለን? ሁለት ቀዳዳዎች ስለሚቀሩ ነው። የመጀመሪያው፣ ካርዱ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ለአንባቢው በግልጽ መስጠቱ ነው። በካርዱ ጀርባ የታተመውን ሦስት አኃዝ አይሰጥም፤ ይሁንና ያን አኃዝ የማይጠይቅ የኢንተርኔት ሱቅ ካለ ቁጥሩና ቀኑ ብቻ ሊያዘርፉ ይችላሉ። ደንበኛው በካርድ ፋንታ በራሱ ስልክ ቢከፍል ይህ ቀዳዳ ይጠባል፤ ስልኩ የሚሰጠው እውነተኛውን የካርድ ቁጥር ሳይሆን ለዚያ ስልክ ብቻ የተሰጠ ምትክ ቁጥር ነውና።

ሁለተኛው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ ካርዱ ዓይን የለውም። በስክሪኑ ላይ 18 ተጽፎ ለካርዱ 180 ቢነገረው፣ ካርዱ በ180 ላይ በታማኝነት ማኅተሙን ያትማል። ባንኩም ትክክለኛ ማኅተም ስላየ ያጸድቃል። ደንበኛው ያየውና ካርዱ የሰማው አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው መተግበሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ያልተነካና ያልተቀየረ መሆኑ መታወቅ አለበት። ይህ ወደ መልሳችን ሁለተኛ ክፍል ያሻግረናል።

የካርድ ክፍያ የደኅንነት ደረጃዎችን የሚያወጣው ፒሲአይ የተባለው ምክር ቤት ወደዚህ የደረሰው በሦስት እርምጃ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን በነጋዴው ስልክ ስክሪን ላይ እንዲያስገባ ፈቀደ፤ ካርዱን የሚያነብ የተለየ ትንሽ መሣሪያ ግን ከስልኩ ጋር መኖር ነበረበት። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ሁለተኛው ስልኩ ራሱ ካርዱን እንዲያነብ ፈቀደ፤ ነገር ግን የምስጢር ቁጥር በዚያው ስልክ እንዳይገባ ከለከለ። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ሦስተኛው ሁለቱን አጣመረ። የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ራሱ የፍርሃቱን መጠን ያሳያል፤ የካርዱ ቁጥርና የምስጢር ቁጥሩ ባልታመነ መሣሪያ ላይ አብረው እንዲገኙ መፍቀድ ዓመታት ወስዷል።

ፈቃዱ የተሰጠው በታሸገው ሣጥን ፋንታ ክትትል በመተካቱ ነው። ነጋዴዋ መተግበሪያውን ስትከፍት፣ ከዚያም በኋላ በየጊዜው፣ በስልኩና በድርጅቱ ሰርቨር መካከል እርሷ የማታየው ምርመራ ይካሄዳል። የስልኩ ሥርዓተ ክወና በአምራቹ እንደወጣ ነው ወይስ ቁልፉ ተሰብሯል? መተግበሪያው የተፈረመው ያው ነው ወይስ ተቀይሯል? ሌላ ፕሮግራም ውስጡን እየተከታተለ ነው? ስልኩ ወሳኝ የደኅንነት ማሻሻያዎችን አግኝቷል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠውን መልስ የሚመዝነው ሰርቨሩ ነው። ተጠርጣሪው በራሱ ላይ ዳኛ አይሆንምና! መልሱ ካላረካ ሰርቨሩ ለዚያ ስልክ የሥራ ቁልፍ አይሰጥም፤ መተግበሪያውም ካርድ ማንበቡን ያቆማል።

በስልኮቹ መካከል የአሠራር ልዩነት አለ። አፕል በፌብሩዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው አሠራር፣ የካርዱ መረጃ የሚስተናገደው በስልኩ ውስጥ ባለ የተለየና የተጠበቀ ቺፕ ነው፤ የነጋዴዋ መተግበሪያ የካርዱን ቁጥር አያየውም። አሠራሩ ከአይፎን ኤክስኤስ ጀምሮ ባሉ ስልኮች ላይ ይሠራል። በአንድሮይድ ስልኮች በኩል አምራቹ ብዙ፣ የስልኩም ዓይነት ብዙ ስለሆነ፣ ሸክሙ በአብዛኛው በመተግበሪያው ጥንካሬና አሁን በገለጽሁት ክትትል ላይ ይወድቃል። ስለዚህም ነው ያረጀና ማሻሻያ የማያገኝ አንድሮይድ ስልክ፣ አንቴናው ደኅና ቢሆንም፣ አንድ ቀን ማለዳ «ይህ መሣሪያ አይደገፍም» ብሎ ነጋዴውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት የሚገኘው። የታሸገው ማሽን ሲበላሽ ይሰበራል፤ ስልኩ ግን ሳይሰበርም አመኔታውን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር፣ ወደ ነጋዴዋ እንመለስ። ካርዱ ስልኩ ላይ ጠጋ ሲል ድምፅ ይሰማል፤ ደንበኛውም ካርዱን ያነሣል። ብዙ ሰው ክፍያው በዚያ ድምፅ ያለቀ ይመስለዋል። ድምፁ የሚለው ግን «ካርዱ ተነበበ» ብቻ ነው። የባንኩ ፈቃድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ካርዱ ወደ ኪስ ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ንባብና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ባለችው ክፍተትም ኪሳራ ሊፈጠር ይችላል።

በምሳሌያችን ገበያው ተጨናንቆ መረቡ ደካማ ነው እንበል። ካርዱ ተነበበ፤ ድምፁ ተሰማ፤ ስልኩ ማኅተሙን ላከ፤ መልሱ ሳይመጣ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የስሕተት መልእክት ነው። ባንኩ አጽድቆ ይሆናል፤ ጥያቄው ጨርሶ ሳይደርሰውም ቀርቶ ይሆናል፤ ስልኩ ሁለቱን መለየት አይችልም።

ነጋዴዋ ወዲያው «እባክዎ እንደገና ያስጠጉልኝ» ብትል ምን ይሆናል? ካርዱ ቆጣሪውን በአንድ ይጨምራል፤ አዲስ ሊገመት የማይችል ቁጥር ይቀበላል፤ አዲስ ማኅተም ያወጣል። በባንኩ ዓይን ይህ ፍጹም ትክክለኛ የሆነ ሁለተኛ ግብይት ነው። የመጀመሪያው ጸድቆ ከነበረ ከደንበኛው ሂሳብ 36 ዶላር ይያዛል። ልብ በሉ፤ ሌባውን ያስቆመው ያው አሠራር፣ ማለትም እያንዳንዱ ማኅተም አዲስ መሆኑ፣ የነጋዴዋን የዋህ ድግግሞሽ ሊያስቆመው አይችልም። ድግግሞሹን ሊይዝ የሚችለው የመተግበሪያው ሥርዓት ነው። በደንብ የተሠራ መተግበሪያ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ መልሱ ያልታወቀውን ሽያጭ ግንኙነቱ ሲመለስ በዚያ መለያ ይጠይቃል፤ አስፈላጊ ከሆነም የመሰረዣ መልእክት ይልካል።

በሌላ በኩል «ድምፁን ሰምቻለሁ» ብላ ቡናውን ብትሰጥና ጥያቄው ባንኩ ዘንድ ያልደረሰ ቢሆን፣ 18 ዶላሩ የእርሷ ኪሳራ ነው። ደንበኛው «ይኸው የባንኬ መልእክት መጥቷል» ብሎ ስልኩን ቢያሳያትም ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ ባንኩ ገንዘቡን ለጊዜው ይዞ፣ የመሰረዣው መልእክት ሲደርሰው የሚለቅበት ጊዜ አለና። የሚያስተማምነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በራሷ መተግበሪያ ውስጥ ያለው የግብይቶች ዝርዝር። ከማስደገሟ በፊት እርሱን መክፈት፣ ግንኙነቱን ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ወይም በተቃራኒው መቀየር፣ ሽያጩ «ጸድቋል» ወይም «አልተሳካም» እስኪል መጠበቅ ይገባታል። አንድ ደቂቃ መጠበቅ በወረፋ ፊት ረጅም ቢመስልም፣ ሁለት ጊዜ የተቆረጠበትን ደንበኛ በሳምንቱ ከመጋፈጥ ይቀላል።

ንባቡ ራሱ የማይሳካበትን ሁኔታ መለየትም ይቻላል። ስልኩ ምንም ድምፅ ካላሰማ ካርዱ አልነቃም ማለት ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ካርዱ ከአንቴናው ርቆ መያዙ፣ ወይም በስልኩ ሽፋን ውስጥ ብረት መኖሩ ነው። አንቴናው በአይፎን አናቱ ላይ፣ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በጀርባው በኩል ስለሆነ ነጋዴው የራሱን ስልክ ቦታ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስልኩ «አንድ ካርድ ብቻ ያቅርቡ» ካለ ደንበኛው ቦርሳውን እንዳለ አስጠግቷል፤ ሁለት ካርዶች በአንድነት ነቅተው እየተናገሩ ነው። «እንደገና ይሞክሩ» ካለ ብዙውን ጊዜ ካርዱ ውይይቱ ሳያልቅ ተነሥቷል፤ በዚህ ጊዜ ማስደገሙ ጉዳት የለውም፤ ለባንኩ የተላከ ነገር የለምና። እንግዲህ «እንደገና» የሚለው ቃል ከመላክ በፊት ሲመጣና ከመላክ በኋላ ሲመጣ ትርጉሙ የተለያየ ነው።

የማይታለፍ ገደብም አለ። ስልክ የካርድ ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ያለ ተጨማሪ ማረጋገጫ ካርድን በማስጠጋት የሚከፈለው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከ50 ዩሮ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በተከታታይ ሲከፈልም ድምሩ 150 ዩሮ ወይም ቁጥሩ አምስት ጊዜ ሲሞላ ባንኩ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ባንኩ የምስጢር ቁጥር ቢጠይቅ መተግበሪያው በስክሪኑ ላይ ሊቀበል ይችላል፤ «ካርዱን አስገባ» ቢል ግን ስልኩ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሽያጩ በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ ይቀራል። የምስጢር ቁጥሩ በመስታወት ላይ ሲገባም፣ ለዓይነ ስውር ደንበኛ በፖስ ማሽኑ አምስት ቁጥር ላይ ያለችው ጎልታ የምትዳሰስ ነጥብ በመስታወቱ ላይ የለችም።

ከመደምደሜ በፊት አሠራሩን ከለመድነው ጋር ላነጻጽር። እኛ አገር በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያዎች ስንከፍል ገንዘቡን የሚገፋው ከፋዩ ነው፤ ነጋዴው ተቀባይ ሆኖ ይጠብቃል። ዛሬ በገለጽሁት አሠራር ግን የሚጠይቀው የነጋዴው ስልክ ነው፤ ካርዱ የሚሰጠው ማኅተሙን ብቻ ነው። አቅጣጫቸው ቢለያይም የነጋዴው ጥንቃቄ አንድ ነው። እኛ ዘንድ ከፋዩ የሚያሳየው የስክሪን ፎቶ ወይም አጭር መልእክት ክፍያ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በዚያም የስልኩ ድምፅ ክፍያ አይደለም። ክፍያ ማለት ነጋዴው በራሱ መዝገብ ላይ ያየው ፈቃድ ነው።

ለጥያቄው የምሰጠውን መልስ ላጠቃልል። ተራው ስልክ ገንዘብ ለመቀበል የበቃው ራሱ የታመነ ስለሆነ አይደለም። ካርዱ ምስጢሩን ለስልኩ አይሰጠውም፤ ሰርቨሩም ስልኩን ለአፍታ አይዘነጋውም። በመካከላቸው የቀረችው ክፍተት፣ ከድምፁ እስከ ፈቃዱ ያለችው፣ በነጋዴው ጥንቃቄ የምትሸፈን ናት። ከእናንተ መካከል ነገ እንዲህ ያለ መተግበሪያ የሚሠራ ቢኖር የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ «ተነበበ» እና «ጸደቀ» በስክሪኑ ላይ በቀለምም፣ በቃልም፣ በድምፅም የተለያዩ ይሁኑ።